«ደኅና» ከተባለ በኋላ

በአገራችን ሰላምታ አጠረ ብሎ የሚከስ ሰው አይገኝም። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ስለ አዳር ይጠያየቃሉ፤ ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብትና ስለ ጎረቤት ይጠያየቃሉ፤ ዝናብ ቢያካፋባቸው እንኳ ሰላምታውን ሳይፈጽሙ አይለያዩም። ይሁን እንጂ ለዚህ ሁሉ ጥያቄ የተዘጋጀው መልስ አንድ ቃል ነው፤ እርሱም «ደኅና» የሚለው ነው። አምስት ጊዜ ተጠይቆ አምስት ጊዜ «ደኅና» ያለ ሰው ስለ ራሱ ምንም ሳይናገር ይሄዳል፤ ጠያቂውም ምንም ሳይሰማ ይሄዳል። እኛ ይህን ነገር ልብ ያልነው ዘግይተን ነው። የመዘግየታችንን ዋጋ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከነጥፋታችን እንጽፈዋለን።

ወደ ቴፒ ተዛውረን የመጣነው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተቋቋመ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ቴፒ በሸካ ዞን ያለች፣ ሙቀትም ዝናብም የማያጣት ከተማ ናት። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ገበያዋን ደግሞ ኮረሪማ፣ እርድና ቁንዶ በርበሬ ያሸቱታል። የእኛ ሥራ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መመዝገብና ፋይል ማስቀመጥ ነው። ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ስለ ቡናም የምናውቀው በእጃችን ካለፈው ወረቀት የቃረምነውን ያህል ብቻ ነበር።

ከቤታችን እስከ መሥሪያ ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። በመንገዱ እኩሌታ ላይ የአንድ ሽማግሌ የቡና ማሳ አለ። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሸኪኖኖ ቢሆንም አማርኛን አሳምረው ይናገራሉ። ጧት ጧት ከአጥራቸው ዳር ቆመው እናገኛቸዋለን። እኛ «እንደምን አደሩ አባባ?» እንላለን፤ እርሳቸው «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ ልጄ?» ይላሉ፤ እኛም «ደኅና፣ ይመስገን» ብለን እናልፋለን። በሚያዝያም እንዲህ ነበር፤ በግንቦትም፣ በሰኔም፣ ክረምቱን ሙሉም እንዲህ ነበር። እግራችን አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አያውቅም። በልባችን ግን ከእኚህ ሽማግሌ ጋር ወዳጅ ነን ብለን እናምን ነበር፤ ለሰውም እንዲሁ እንናገር ነበር።

በተከታዩ ጥቅምት አንድ ቀን፣ እኛ «እትዬ» እያልን የምናከብራቸው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ በዚያው መንገድ አብረውን ሄዱ። ሽማግሌው እንደ ወትሮው ከአጥሩ ዳር ናቸው፤ በእጃቸው ገጀራ ይዘዋል። ሰላምታው እንደ ወትሮው ተጀመረ፤ እንደ ወትሮውም በ«ደኅና» ተፈጸመ። እኛ መንገዳችንን ቀጠልን፤ እትዬ ግን ቆሙ። ገጀራውን ተመለከቱና፦

«አባባ፣ ዛሬ ደግሞ በገጀራው ምን ሊሠሩ አስበዋል?» አሉ።

«ምን እሠራለሁ፤ የደረቀ ቡና ልቆርጥ ነው እንጂ።»

«የደረቀ?»

እትዬ ይህን አንድ ቃል ብለው ዝም አሉ። ሰዓታችንን እያየን የቆምነው እኛ ያ ዝምታ ረጅም መሰለን። ሽማግሌው ገጀራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና፦

«በግንቦት ሁለት እግር ነበረ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠወለገ፤ ቆሞ ደረቀ። እርጅና ነው ብዬ ተውሁት። አሁን አሥራ ዘጠኝ ደርሷል። ፍሬው ግን ቀልቷል፤ ዘንድሮ ቶሎ ደረሰልኝ ብዬ ልለቅመው ነበር፤ ውስጡ ባዶ ነው» አሉ።

«ሲቆርጡት እንጨቱን ምን ያደርጉታል?»

«ለማገዶ ወደ ቤት ነው የምወስደው።»

እትዬ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁም። «ባየው ይፈቅዱልኛል?» ብለው ገቡ፤ እኛም ተከተልን። ከአንዱ የደረቀ ግንድ ሥር ተንበርክከው ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ ቢያደርጉት ከቅርፊቱ በታች ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር መስመር ታየ። ቡናን ቆሞ የሚያደርቀው በሽታ ነበር። በሽታው ሻጋታ ነው፤ ወደ ተክሉ የሚገባው በግንዱ ላይ በተገኘ ቍስል ነው፤ ቍስሉን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቈስለው ደግሞ ሣር ሲመነጠር የሚስተው ገጀራ ነው። የታመመውን ግንድ የነካው ያው ገጀራ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያሻግራል። የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ያለው መፍትሔ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ በዚያው በቆመበት ቦታ ማቃጠል፣ ገጀራውንም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሳይሄዱ በእሳት መለብለብ፣ በግንዱ ዙሪያ ያለውን ሣር በእጅ መንቀል ነው። ሽማግሌው በዚያ ጧት ሊያደርጉ የተነሡት የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ በአንድ ገጀራ አሥራ ዘጠኙን ቆርጠው ማገዶውን በጤነኛው ቡና መካከል እየጎተቱ ሊያሳልፉ ነበር።

እኛ አፍረን ዝም ማለት ሲገባን አፋችን አምልጦን «አባባ፣ ይህን ያህል ጊዜ ጧት ጧት ስንጠይቅዎ ምነው ሳይነግሩን?» አልን። ሽማግሌው ያለ አንዳች ቍጣ ተመለከቱንና፦

«ልጄ፣ አንተ የጠየቅኸኝ እኔን ነው፤ እኔ ደኅና ነኝ። የታመመው ቡናው ነው» አሉን።

ይህ መልስ ብዙ ቀን አብሮን ሰነበተ። በግንቦት ሁለት እግር በነበረ ጊዜ በዚያ አጥር ዳር በየቀኑ አልፈናል። በዚያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ፣ ስለ በሽታው ምንም ባናውቅም እንኳ፣ የሰማነውን ወስደን ከእኛ ጠረጴዛ ሁለት ክፍል አልፎ ለሚቀመጡት ለእትዬ መንገር እንችል ነበር።

እትዬ ያደረጉትን ነገር ደጋግመን ስናስበው፣ ምሥጢሩ ከጥያቄው አመራረጥ ላይ መሆኑን ተረዳን። በአማርኛ «ደኅና ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለአዎንና ለአይደለም በር መክፈት ነው፤ በሰላምታ ላይ ደግሞ «አይደለም» ማለት ነውር ስለሚመስል አንዱ በር ከመጀመሪያው የተዘጋ ነው። ታዲያ «ምን»፣ «እንዴት»፣ «የት» በሚሉት ቃላት ብንጠይቅ ይበቃል ብለን አሰብን። ይህም ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ለመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ «ሥራ እንዴት ነው?» አልነው፤ «ደኅና ነው» አለን። «እንዴት» የሚለውን ቃል ሰላምታ ከጥንት ጀምሮ ውጦታል፤ ጥያቄ መስሎ ይወጣል እንጂ ሰላምታ ሆኖ ይመለሳል። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብንል «ምንም፤ ሰላም ነው» አለን። ተስፋ ቆርጠን «እስቲ ተጫወት እንጂ» አልነው። ይህን ግብዣ የሰማ ሰው ሁሉ የሚለውን አለ፤ «ምን ጨዋታ አለ ብለው ነው!» ካለ በኋላ ሁለታችንም መሬት መሬት ስናይ ቆየን።

ከዚህ የተማርነው ጥያቄው ሰፊ በሆነ ቍጥር መልሱ የሚጠብ መሆኑን ነው። ሰው «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲባል የዓመቱን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ መርምሮ ለመናገር የሚገባውን መምረጥ አለበት፤ ይህ ድካም ስለ ሆነ «ምንም» ብሎ ይገላገላል። የእትዬ ጥያቄ ግን የተያዘው ከገጀራው ላይ ነው። ገጀራው በዓይን ይታያል፤ ባለቤቱ የሚሠራበትን ያውቃል፤ መልሱም ሳያስቡ ከአፍ የሚወጣ ነው። ነገር ግን ከገጀራው ወደ ቡናው፣ ከቡናው ወደ ግንቦት፣ ከግንቦት ወደ አሥራ ዘጠኙ የሚወስድ መንገድ አለው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሰውን ሰላም ብለን «ደኅና» ስንባል፣ ዓይናችን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው በእጁ የያዘው፣ በጀርባው ያዘለው፣ ወይም አሁን ያለፈበት ነገር ምንድን ነው? ዘበኛውን በሦስተኛው ቀን «ሌሊቱን ያን ዝናብ በየት ተጠልለህ አሳለፍኸው?» አልነው። የዘበኛ ቤቱ ቆርቆሮ በአንድ በኩል የሚያፈስ መሆኑን፣ ወንበሩን ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ያዛወረ መሆኑን፣ ቀድሞ በማሻ ሳለ የነበረው የዘበኛ ቤት ከዚህ የተሻለ እንደ ነበረ ነገረን። በማሻ መኖሩን እስከዚያ ቀን አናውቅም ነበር።

እዚህ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ሁለት የጥያቄ ቃላት ከእኛ አፍ ሲወጡ እንደ ሌላ ሰው ቃል አይሰሙም፤ «ስንት» እና «ለምን» ናቸው። በቅዳሜ ገበያ ኮረሪማ የምትሸጥ ሴት «ደኅና» ካለችን በኋላ፣ ጨዋታ ለማምጣት ብለን «ዘንድሮ ስንት ኪሎ አገባሽ?» አልናት። ፊቷ ተለወጠ፤ «ከየት መሥሪያ ቤት ነዎት?» አለችን። «ስንት» ግብርን ያሳስባል። «ለምን ተወደደ?» ያልነው ጊዜም በጥፋት የተከሰሰች ያህል መልስ ሰጠችን። በሌላ ቅዳሜ ወደ እርሷ ተመልሰን፣ ከመጠየቃችን በፊት ከራሳችን ጥቂት ሰጠን። «ባለፈው የገዛነው ኮረሪማ በሳምንቱ ሻገተብን፤ አያያዙን አላወቅንበትም መሰለኝ። እናንተ እንዴት ነው የምታደርቁት?» አልናት። ሣቀች። ፍሬው ቀይ ሲሆን እንደሚለቀም፣ በደንብ ሳይደርቅ የተከተተ እንደሚሻግት፣ በዝናብ ሰሞን ፀሐይ ስትጠፋ ከምድጃ በላይ እንደምትሰቅለው ነገረችን። ቀጥላም ልጇ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆኑን፣ ይህ ኮረሪማ የእርሱ ደብተርና ሳሙና መግዣ መሆኑን ጨመረችልን። ስንት ኪሎ እንደ ነበራትም ሳንጠይቃት ነገረችን።

እንግዲህ አስቀድሞ የራስን ትንሽ ድካም ወይም ትንሽ አለማወቅ መናገር ጥያቄውን ከምርመራ ይለየዋል። ትንሽ የምንለው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ይህን ነገር አብዝተን፣ ስለ ቤት ኪራያችን ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ስንነግረው ቆየን፤ በመጨረሻ «እርስዎስ?» ብንለው «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ኮፍያውን አንሥቶ ሄደ።

ሌላው ነገር ዝምታው ነው። ሊቃውንት በ2009 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአሥር የዓለም ቋንቋዎች የሚደረገውን ጥያቄና መልስ ለክተው ባወጡት ጥናት፣ በጥያቄው መጨረሻና በመልሱ መጀመሪያ መካከል ያለው ጊዜ በአማካይ የአንድ ሰኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል መሆኑን አመልክተዋል። ከዚህ ጥቂት ያለፈ ዝምታ ለጆሮ ረጅም ይመስላል፤ ሰውም ደንግጦ ሌላ ጥያቄ ይደርባል። የእኛ ዋነኛ በሽታ ይህ ነበር። «ከወዴት ይመጣሉ? ከገበያ ነው? ገበያው ደኅና ነው?» ብለን በአንድ ትንፋሽ ሦስቱን እናወርዳለን፤ ሰውየውም የሚመልሰው ለመጨረሻው ብቻ ነው፤ «ደኅና ነው» ይላል። የመጀመሪያውን ጥሩ ጥያቄ የገደልነው ራሳችን ነን። በተለይ በቴፒ፣ ሸካው፣ ሸኮው፣ መዠንግሩ፣ ቤንቹና ከፊቾው በአንድ ገበያ በሚገናኝበት አገር፣ አማርኛ ለብዙ ሰው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ የተጠየቀው ሰው ቃሉን ከልቡ ወደ አፉ እስኪያመጣ ጊዜ ይሻል። አንድ አጭር ጥያቄ ጠይቆ በልብ እስከ አምስት መቍጠር ይበቃል። መልሱ ሲመጣ ደግሞ አዲስ ጥያቄ መፍጠር አያሻም፤ እትዬ «የደረቀ?» እንዳሉት፣ ከተናጋሪው ቃል ከባዱን መርጦ መልሶ ማሰማት ነው። የቱ ከባድ እንደ ሆነ ለመለየት እኛ ገና እንሳሳታለን።

ይህን ሁሉ ስንል ግን «ደኅና»ን ራሱን እንንቃለን ማለት አይደለም። በፖላንድ የተወለደው የሰው ልጅ ባሕል ሊቅ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በ1923 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች ወሬ ለመንገር ሳይሆን መተሳሰራቸውን ለማስታወቅ ብቻ የሚለዋወጡት ንግግር እንዳለ አስረድቷል። «ደኅና» እንዲህ ያለ ቃል ነው፤ በር ማንኳኳት ነው። የአፋር ወገኖቻችን ግን ከማንኳኳቱ ቀጥሎ መግባቱንም ሥርዓት አድርገውታል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ከሰላምታ በኋላ ተቀምጠው በየመንገዳቸው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ይህንም ዳጉ ይሉታል። ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ፣ ስለ ሰላምና ስለ በሽታ የሚነገረው ወሬ ከአንዱ መንገደኛ ወደ ሌላው የሚሻገረው በዚሁ ነው። ለጥያቄው ድፍረት አያስፈልገውም፤ ተራው ነውና ይጠየቃል። እኛ እንዲህ ያለ የተደነገገ ሁለተኛ ጥያቄ በመንገድ ሰላምታችን ውስጥ ስለሌለን ከገጀራውና ከኮረሪማው ላይ መልቀም አለብን። በቤት ውስጥስ ሦስቱ የቡና ዙሮች፣ አቦል፣ ቶናና በረካ፣ ይህን ሥራ ይሠሩልናል፤ የሚያስቸግረው መንገዱ ነው።

መልስ የማይፈልግ «ደኅና» ደግሞ አለ፤ ይህንም መለየት ያሻል። ሸክም የተሸከመ ሰው አይቆምም፤ አይጠየቅምም። እግሩ ሳይቆም ትከሻውን ብቻ አዙሮ የሚመልስ ሰው ይለፍ። ለሁለተኛው ጥያቄ የሰጠው መልስ ከመጀመሪያው ያጠረ እንደ ሆነ ሦስተኛ መጨመር መነዝነዝ ነው። በአንጻሩ «አንተስ?» ብሎ የመለሰ፣ ወይም የያዘውን ነገር መሬት ያስቀመጠ ሰው በሩን ከፍቷል። አንድ ቀን ይህን ሳናስተውል፣ ጥቁር ነጠላ የለበሱ እናትን «ይህን ሁሉ መንገድ ከየት መጡ?» ብለን አስቆምናቸው። ከቀብር ነበር የመጡት። ነጠላውን ሳናይ በእጃቸው የያዙትን ብቻ አይተን ነበር። እግዚአብሔር ያጽናዎ ብለን መንገዱን ለቀቅን።

የሽማግሌው ቡና ነገር እንዲህ ሆነ። አሥራ ዘጠኙ እግር በዚያው ሳምንት ተነቅሎ በቆመበት ተቃጠለ። እስከ ጥር ድረስ ሌላ አራት ጠወለገና እርሱም ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ እኛ እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ አዲስ ምልክት አልታየም፤ ይሁን እንጂ እትዬ «ገና ነው» ይላሉ። በተቃጠለው ቦታ ላይ ወዲያው ቡና አይተከልም ስለ ተባለ ሽማግሌው በቆሎ ዘርተውበታል።

ባለፈው ሰኞ በዚያው አጥር ዳር ስናልፍ እንደ ወትሮው ሰላምታ ተሰጣጣን። «ደኅና፣ ይመስገን» ብለን ልናልፍ ስንል፣ ሽማግሌው በብብታችን የያዝነውን ፋይል በበትራቸው ነካ አደረጉና፦

«ልጄ፣ ይህ ዛሬ ይዘኸው የምትሮጠው ወረቀት የማን ጉዳይ ነው?» አሉን።

«ምንም አይደለም» ልንል አፋችንን ከከፈትን በኋላ ዝም አልን። እርሳቸውም ዝም አሉ፤ የሚቸኵሉም አይመስሉም። ፋይሉ የአንዲት መበለት የጡረታ ጉዳይ ነበር፤ ከሦስት ወር በላይ በእኛው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ነው። ከየት መጀመር እንዳለብን ስናስብ ቆየንና «ረጅም ነገር ነው አባባ» አልናቸው።

«ረጅም?» አሉን።

ፋይሉን ከአጥሩ ላይ አስቀመጥነው። በዚያ ቀን ቢሮ የገባነው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ የገባነውም በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበር።